ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት ፎርሙን ማን ሞላው?

የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ምርቃት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ይሰቀላል፣ ባለሙያው ላፕቶፑን ከፍቶ ገጾቹን አንድ በአንድ ያሳያል፣ ይጨበጨባል። ቀጥሎ "ምዝገባ በኦንላይን ብቻ" የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ቤቱ "እምቢ አለኝ" በሚሉ ወጣቶች ይሞላል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ርክክብ መፈረም ያለበት ሠሪው በአዳራሽ ባሳየው ነገር አይደለም። ድረ ገጹን ያልሠራ ሰው በራሱ ስልክ፣ በራሱ ዳታ፣ በራሱ ስም ገብቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲመዘገብ ያኔ ይፈረም። ምክንያቱም ፎርም የመለሰው ሰው የትኛውም ሪፖርት ላይ አይገኝም። የተመዘገበው ይቆጠራል፤ ሞክሮ ያቃተው ግን "ያላመለከተ" ሆኖ ይቀራል።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ የጤና መድን መሸጫ ድረ ገጿን HealthCare.gov ጥቅምት 1 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ስትከፍት፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መጨረስ የቻሉት 6 ሰዎች ነበሩ። በኋላ የሥራ ተቋራጮቹ ለምክር ቤት ሲመሰክሩ፣ ሥርዓቱ ከዳር እስከ ዳር በአንድነት የተፈተነው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ እንደነበር ተናገሩ። ክፍሎቹ ለየብቻ ተፈትነዋል፤ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ግን አልተፈተነም።

ወደ እኛ ስንመለስ ትልቁ ጉድ ያለው ፎርሙ ላይ ነው። አንዲት ለሥራ የምታመለክት ተመራቂ እናስብ። የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው፣ ስልኳ በ07 ይጀምራል፣ የምትጠቀመው ርካሽ አንድሮይድ ነው።

ፎርሙ መጀመሪያ ስሟን ይጠይቃል። ከውጭ የተቀዳ ከሆነ "ስም" እና "የቤተሰብ ስም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ አሉት። ሁለተኛው ላይ የአባቷን ትጻፍ ወይስ የአያቷን? አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይሞላና ለፈተና ቀን ስሙ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። መፍትሔው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ሦስት ሳጥን ማድረግ ነው። በአማርኛ ጽፋ ስትልክ ደግሞ ዳታቤዙ ፊደላችንን እንዲይዝ ካልተዘጋጀ ስሟ "????" ሆኖ ይቀመጣል። ፊደሉ ራሱ ስላልተቀመጠ በኋላ ላስተካክለው ቢሉ አይመለስም። ይህንን ለማወቅ ፎርሙ "ተሳክቷል" ማለቱን ማየት አይበቃም፤ መዝገቡን ከፍቶ የገባውን ስም ማንበብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ስልክ ቁጥር። ሳፋሪኮም በ2022 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት የተጻፈ ፎርም በ09 የማይጀምርን ቁጥር "የተሳሳተ" ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ በ09፣ በ07 እና በ+251 የሚጀምሩ ሦስት ቁጥሮችን እየቀያየሩ መሞከር ግድ ነው።

ከዚያ የልደት ቀን። የወራቱ ዝርዝር 12 ብቻ ከሆነ ይህች ልጅ አልተወለደችም ማለት ነው። 13ኛው ወር ቢኖርም ጳጉሜን በ5 ከቆመ በየአራት ዓመቱ የምትመጣው ስድስተኛዋ ቀን ትጠፋለች። ፎርሙ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚቀይር ከሆነ የእሷ ቀን መስከረም 11 ቀን 1999 (እ.ኤ.አ.) መሆን አለበት። መስከረም 10 ወይም 12 ካሳየ ስሌቱ ስህተት ነው። የማመልከቻ ማብቂያ ሰዓትም እንዲሁ ነው። "12፡00" ብቻ የሚል ጽሑፍ ለአንዱ እኩለ ሌሊት፣ ለሌላው የምሽት 12 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ልዩነት አንድን ሰው ከውድድር ውጭ ያደርጋል።

በመጨረሻ የዲግሪዋን ፎቶ ታያይዛለች። ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ፒኤችፒ ካልተቀየረ በስተቀር ከ2 ሜጋባይት በላይ ፋይል አይቀበልም፤ በስልክ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። የባሰው ግን ፋይሉን ሲመልስ የሞላችውን ሁሉ ከሰረዘባት ነው። ስለዚህ ሆን ብሎ ትልቅ ፎቶ ማስገባት፣ "ላክ" የሚለውን ሁለቴ መንካት፣ በመሐል ዳታ ማጥፋት፣ ከዚያ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

ሊንኮችም እንዲሁ ሠሪውን ያታልላሉ። ባለሙያው ሲነካቸው ሁሉም ይከፈታሉ፤ ምክንያቱም እሱ በራሱ አካውንት ገብቷል። ጎግል ድራይቭ ላይ የተቀመጠ ማስታወቂያ ለእሱ ይከፈታል፣ ለእኛ ግን "ፈቃድ ጠይቁ" ይላል። አንዳንዱ ሊንክ `localhost` የሚል አድራሻ ይዞ ይቀራል፤ ይህ ከሠሪው ኮምፒውተር ውጭ የትም አያደርስም። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ከየትኛውም አካውንት ወጥቶ በሌላ ስልክ እያንዳንዱን ሊንክ መንካት። አሮጌ ድረ ገጽ ከነበረም የድሮዎቹ አድራሻዎች ወደ አዲሱ ገጽ መምራት አለባቸው። ሰው በቴሌግራም የሚቀባበለው የድሮውን ሊንክ ነውና።

ፍጥነትን በተመለከተ ሂሳቡን እንሥራው። የፊት ገጹ ላይ ከካሜራ እንደወረዱ የተለጠፉ 6 ፎቶዎች አሉ እንበል፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት። በድምሩ 24 ሜጋባይት ማለትም 192 ሜጋቢት ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚደርሰው ስልክ ገጹ ለመሙላት ከ3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ያውም ከሰውየው ዳታ ላይ እየተቆረጠ። እያንዳንዱ ፎቶ ወደ 150 ኪሎባይት ቢቀንስ ሁሉም በ7 ሴኮንድ ገደማ ይደርሳሉ። ባለሙያው ይህንን የማያየው ቢሮው ፈጣን መስመር ስላለውና ፎቶዎቹ ቀድሞውኑ ላፕቶፑ ላይ ስለተቀመጡ ነው። ክሮም ላይ `F12` ተጭኖ `Network` ውስጥ `Disable cache` የሚለውን ምልክት ማድረግና ፍጥነቱን ወደ `3G` ዝቅ ማድረግ ነፃ ነው።

ስልክን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ላፕቶፕ ላይ መስኮቱን አጥብቦ "ስልክ ላይ እንዲህ ይመስላል" ማለት ፍተሻ አይደለም። እውነተኛው ስልክ ላይ ኪቦርዱ ሲወጣ "ላክ" የሚለውን ቁልፍ ሊሸፍነው ይችላል። ደግሞ ከቴሌግራም የተነካ ሊንክ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ባለ መስኮት ነው፤ ፋይል ማያያዝ እዚያ ላይሠራ ይችላል። አንድ ርካሽ አንድሮይድ፣ አንድ አይፎን፣ አንድ ያረጀ ስልክ ተበድሮ ሊንኩን በቴሌግራም ልኮ ከዚያ መክፈት ይበቃል።

"ጊዜ የለም፣ የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል" የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ይህ ሁሉ ግን ሦስት ሰው ለአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ነው። ጊዜ ከሌለ ደግሞ በወረቀት ማመልከትን ለጥቂት ሳምንታት ክፍት ማቆየት ይቻላል። "በኦንላይን ብቻ" የሚለው ቃል የሚጻፈው ጳጉሜን 6 የተወለደችው ልጅ በ07 ቁጥሯ ተመዝግባ ማረጋገጫ መልእክቱ ሲደርሳት ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ እንደሆነ፣ ፎርሙ የመለሳቸውን ሰዎች የማስተናገድ ኃላፊነት ርክክቡን የፈረመው ኃላፊ እንጂ የዜጋው አይደለም።