ስልኩ የእናንተ ነው፤ አካውንቱስ የማን ነው?



አዲስ ስልክ ስንገዛ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነገር አለ። ስልኩ ከካርቶኑ እንደወጣ፣ ገና ሲም ካርዳችንን ሳናስገባ፣ ለሱቁ ልጅ መልሰን እንሰጠውና "ወንድም፣ ኢሜይል ክፈትልኝ" እንለዋለን። እሱም በአምስት ደቂቃ ጨርሶ፣ ቴሌግራሙንና ዩቲዩቡን አስተካክሎ ያስረክበናል። አመስግነን እንወጣለን። በዚያች አምስት ደቂቃ ውስጥ የስልካችንን ዋና ቁልፍ ለማናውቀው ሰው እንደሰጠን ግን አይገባንም።

ነገሩ የገባኝ በታናሽ እህቴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ደሴ ላይ ስልክ ገዛች። አካውንቱን የከፈተላት የሱቁ ልጅ ነው። ጎግል ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ የእሷ ሲም ገና አልገባም ነበርና ልጁ የራሱን ቁጥር አስገባ። የይለፍ ቃሉንም እሱው ፈጠረ። እሷ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም አልያዘችም፤ ስልኩ እየሠራ ስለነበረ የሚያስፈልጋት አልመሰላትም።

ከስምንት ወር በኋላ የስክሪን መክፈቻውን ፓተርን ቀየረችና ረሳችው። ጠጋኝ ጋ ወሰደችው። እሱም የድምፅና የማብሪያ ቁልፎቹን አንድ ላይ ተጭኖ ፎርማት አደረገው። ስልኩ ሲነሳ የመጣው ጽሑፍ ይህ ነበር፦

```
This device was reset. To continue, sign in with a
Google Account that was previously synced on this device.
```

ስልኩ እንዲጸዳ ተደርጓል፤ ለመቀጠል ከዚህ በፊት በዚሁ ስልክ ላይ በነበረው የጎግል አካውንት ግቡ ማለት ነው። ይህ ጥበቃ ከ2015 ጀምሮ፣ ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ የመጣ ነው። ጠጋኞች "ኤፍ አር ፒ" ወይም "ጎግል ሎክ" ይሉታል። የተሠራው ለሌባ ነው፤ ስልክ የሰረቀ ሰው ፎርማት አድርጎ እንዳይሸጠው። እህቴ ግን በገዛ ስልኳ ላይ እንደ ሌባ ተቆጠረች፤ ምክንያቱም ባለቤት መሆኗን የምታስረዳበት ምንም ነገር አልነበራትም።

አድራሻውን እንኳን ያገኘነው በአንድ ወቅት ለጓደኛዋ ሲቪ ልካበት ስለነበረ ነው። የይለፍ ቃሉን ረስቻለሁ ስትል ጎግል "ኮድ ልላክ" አለና የስልክ ቁጥር አሳያት፤ የሚታዩት የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ናቸው። የእሷ አይደሉም። ሱቁ ጋ ስንሄድ ልጁ ሥራ ቀይሮ ከተማውን ለቋል፤ የሚታወቀው ቁጥሩም አይሠራም። ሌላ የመመለሻ ኢሜይል ደግሞ አልተመዘገበም። ደጋግመን ሞከርን፤ ጎግል አካውንቱ የእሷ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም እያለ መለሰን።

ስልኩን በኋላ ከፍላ አስከፈተችው። ያጣችው ሌላ ነው። አባታችን ከመሞቱ በፊት በነበሩት ወራት ያነሳችው ፎቶ ሁሉ በጎግል ፎቶስ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፎቶዎቹ እዚያው አሉ፤ እኛ ግን መግባት አንችልም።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ የጎግል አካውንትን ሱቅ ውስጥ ማስከፈት መቆም አለበት። የሱቆቹ ልጆች ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚያግዙን መስሏቸው ነው። ግን ቁጥሩ የተመዘገበለት ሰው በፈለገ ጊዜ ኮድ አስልኮ የይለፍ ቃሉን መቀየር ይችላል። የቤታችሁን ፎቶ፣ የቤተሰባችሁን ቁጥሮች ማየት ይችላል። ይህን ያህል አማና በአንድ ቀን ግብይት ለማናውቀው ሰው አይሰጥም። ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳን፣ እንደ እህቴ ቀን ቁጥሩን ከጣለ ታማኝነቱ አይጠቅመንም።

ታዲያ እንዴት እናድርግ? ስልኩን በሱቁ ውስጥ መብራቱን፣ ካሜራውንና ድምፁን አይታችሁ፣ አካውንቱን ሳትከፍቱ ወደ ቤት ውሰዱት። መጀመሪያ የራሳችሁን ሲም አስገቡ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ስልኩ ሲበራ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል። የጎግል መግቢያ ገጽ ላይ ስትደርሱ `Create account` የሚለውን ንኩ። ስማችሁንና ትክክለኛውን የልደት ቀናችሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ። እዚህ ላይ አንዳንዱ ለመፍጠን የዛሬን ቀን ወይም ያገኘውን ዓመት ያስገባል፤ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ጎግል አካውንቱን የሕፃን አድርጎ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል።

የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ፍጠሩ፤ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፋችሁ መታወቂያችሁ ወይም የትምህርት ማስረጃችሁ ከሚቀመጥበት ጋር አስቀምጡት። ስልኩ ውስጥ ብቻ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ስልኩ ሲዘጋ ማስታወሻውም አብሮ ይዘጋል።

ቀጥሎ ስልክ ቁጥር ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ `Skip` የሚል ማለፊያ አለ፤ አትለፉት። አገሩን ኢትዮጵያ አድርጋችሁ፣ ከ+251 በኋላ የመጀመሪያዋን ዜሮ ትታችሁ ዘጠኙን አኃዝ አስገቡ። ግን አንድ ነገር አስቡ፦ ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው? ስልኩ ቢሰረቅ ሲሙም አብሮ ይሄዳል። በራሳችሁ ስም የወጣ ከሆነ መታወቂያ ይዛችሁ ሄዳችሁ ያንኑ ቁጥር መልሳችሁ ታወጣላችሁ፤ ኮዱም ወደ እናንተ ይመጣል። በማታገኙት ሰው ስም ከሆነ ግን ቁጥሩ በእጃችሁ ያለው ሲሙ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው። የመመለሻ ኢሜይሉ ግን ገና አልገባም። ወደ `Settings` ግቡ፣ `Google` የሚለውን፣ ከዚያ አካውንታችሁን ማስተዳደሪያውን ክፈቱና `Security` የሚለው ክፍል ውስጥ `Recovery email` እና `Recovery phone` የሚሉትን ፈልጉ። የመመለሻ ኢሜይል ስታስገቡ ጎግል ወደዚያ ኢሜይል ኮድ ይልካል። ያንን ኮድ መልሳችሁ ካላስገባችሁ ሥራው አላለቀም።

ይህ ኢሜይል የማን ይሁን? እዚህ ላይ ብልጥ ነን የሚሉ ልጆችም ይሳሳታሉ። ሁለት ጂሜይል ይከፍቱና አንደኛውን ለሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ለአንደኛው መመለሻ ያደርጋሉ፤ ሁለቱም የሚከፈቱት ግን በዚያው አንድ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ የጠፋ ቀን ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የመመለሻ ኢሜይል ከዚያ ስልክ ውጭ የሚከፈት መሆን አለበት፤ በቤት ኮምፒውተር ወይም በወንድም፣ በእህት፣ በትዳር አጋር ስልክ ላይ። የእናንተው ሁለተኛ አድራሻ ከሆነ ደግሞ አልፎ አልፎ ግቡበት። ጎግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል፤ ይህ ደንብ ከታኅሣሥ 2023 (በፈረንጆች) ጀምሮ ይሠራል። የተሰረዘ ኢሜይል የማንም መመለሻ አይሆንም።

"እናቴ ፊደል አትለይም፤ የሱቁ ልጅ ካልከፈተላት ማን ይከፍትላታል?" የሚል ይኖራል። አንተ ክፈትላት፣ አንቺ ክፈችላት። ቁጥሩ የእሷ ይሁን፣ የመመለሻ ኢሜይሉ የልጇ ይሁን፣ ወረቀቱ እሷ የምታውቀው ቦታ ይቀመጥ። ለእናት ስልክ ገዝቶ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ ልጇ ኮዱን ሊያነብላት መቻሉ ደግሞ ሌላ።

ወደ ዐረብ ሀገር ለምትሄዱ እህቶችና ወንድሞች ለብቻ የምለው አለኝ። የኢትዮጵያ ሲማችሁን እዚህ ትታችሁ ስትሄዱ፣ ለረጅም ጊዜ ካልተሠራበት ቁጥሩ ይዘጋል፤ ለሌላ ሰውም ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ የእናንተ አካውንት ኮድ የሚሄደው ወደማታውቁት ሰው ነው። ስለዚህ እዚያ ደርሳችሁ አዲስ ሲም ባወጣችሁ ቀን፣ ስልኩ ክፍት ሳለ፣ `Recovery phone` ላይ ቁጥሩን ቀይሩ። አሮጌው ቁጥር ከተቀየረ በኋላ እስከ ሰባት ቀን ድረስ ኮድ ሊቀበል ይችላል፤ በዚያ ሳምንት አሮጌውን ሲም ለማንም አትስጡ።

ሱቅ ውስጥ ያስከፈታችሁና ስልካችሁ አሁን እየሠራ ያለ ደግሞ ጊዜው አላለፈባችሁም። ዛሬውኑ `Security` ውስጥ ገብታችሁ የማን ቁጥርና ኢሜይል እንዳለ እዩ። የይለፍ ቃሉን የማታውቁት ከሆነ ለመቀየር ስትሞክሩ `Forgot password?` የሚለውን ንኩ፤ አካውንቱ በእጃችሁ ባለው ስልክ ላይ ስላለ ብዙ ጊዜ በስክሪኑ መክፈቻ ወይም በጣት አሻራ አረጋግጦ ያስቀይራችኋል። ከዚያ የራሳችሁን ቁጥርና ኢሜይል አስገቡ። በመጨረሻ `Your devices` የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት። አንድ ጥንቃቄ፦ የይለፍ ቃሉን በቀየራችሁበት ቀን ስልኩን ፎርማት አታድርጉ፤ ጎግል ራሱ ቢያንስ 24 ሰዓት እንድትጠብቁ ይመክራል።

እህቴ አሁን ሌላ ስልክ አላት። አካውንቱን ቤት ተቀምጣ ራሷ ከፈተችው፤ የመመለሻ ኢሜይሉ የኔ ነው። የአባታችንን ፎቶ ግን ከዘመድ ስልክ አንድ ሁለት እየለቀምን ነው። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ስልካችሁ በእጃችሁ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት የመመለሻ ቁጥሩ የማን እንደሆነ እዩ፤ ቀጥሎም የእናታችሁን ስልክ ተቀብላችሁ እዩላት።