ከማረጥ በኋላ የሚመጣ የብልት ድርቀት፦ መድኃኒቱን ከእጅ የሚያስጥለው ወረቀት

እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በብሪታንያ ዕድሜዋ ከ50 ያላነሰና የወር አበባዋ ከቆመ ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላት ሴት፣ ለብልት ድርቀት የሚውለውን አነስተኛ የኤስትሮጅን እንክብል ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ከመድኃኒት ባለሙያ ጋር ተመካክራ መግዛት ትችላለች። መድኃኒቱ ይህን ያህል ቢቀርብም፣ በሰሜን ለንደን ሆሎዌይ ለምትኖር አማርኛ ተናጋሪ እናት ሕክምናው ሩቅ ሊሆንባት ይችላል። የሚያርቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሕመሙን በስሙ ለመጥራት ማፈርና በመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የሚገኘው ወረቀት።

የ57 ዓመት ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። ሽንት ስትሸና ያቃጥላታል፤ ስትቀመጥ ይቆጠቁጣታል፤ ከባለቤቷ ጋር ያላት ግንኙነት ከሕመሙ የተነሣ ተቋርጧል። ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ የምትሄደው ልጇን ለአስተርጓሚነት ይዛ ነው። በልጇ ፊት የምትናገረው የሽንቱን ማቃጠል ብቻ ስለሆነ፣ የሚታዘዝላት የኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። የሽንት ምርመራው ጀርም ባያሳይም ማቃጠሉ አይተዋትም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ቀጠሮ ስታስይዝ ሴት አስተርጓሚና ሴት ሐኪም እንድትጠይቅ የሚነግራት ሰው ግን አላገኘችም።

የሕመሙ ምክንያት የኤስትሮጅን መቀነስ ነው። ይህ ሆርሞን ሲጎድል የብልት ግድግዳ ይሳሳል፣ የመለጠጥ ኃይሉ ይቀንሳል፣ እርጥበቱ ይጠፋል። በአካባቢው የነበረው ተፈጥሯዊ አሲድነትም ስለሚቀንስ ጎጂ ጀርሞች በቀላሉ ይራባሉ፤ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን የሚደጋገመውም በዚህ የተነሣ ነው። የማረጥ ትኩሳትና ላብ በብዙዎች ዘንድ ከጊዜ ጋር ይበርዳል፤ ይህ ግን ካልታከመ የመቆየት፣ አልፎም የመባባስ ጠባይ አለው። በሳሙና አብዝቶ መታጠብ የሳሳውን አካል ይበልጥ ያደርቀዋል። የወይባ ጢስም ለሌላው የሰውነት ክፍል ምንም ያህል ቢወደድ፣ የጎደለውን ሆርሞን አይተካም፤ ሙቀቱና ጢሱም የሳሳውን አካል ሊቆጠቁጡት ይችላሉ።

ሴትዮዋ በሁለተኛው ቀጠሮ ሁሉን ተናግራ 10 ማይክሮግራም ኤስትራዲዮል የያዘ፣ ወደ ብልት የሚገባ እንክብል ታዘዘላት እንበል። ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ስትከፍት የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋትና የአንጎል ምት የሚሉ ቃላት ታነባለች፤ ሳጥኑንም መሳቢያ ውስጥ ትወረውረዋለች። እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች በአመዛኙ የተወሰዱት በአፍ ከሚዋጡና በመላ ሰውነት ከሚዘዋወሩ የሆርሞን መድኃኒቶች ነው።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። እንክብሉ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይገባል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያልቀው 114 ያህል ነው፤ ድምሩ 1.14 ሚሊግራም። በአፍ የሚዋጠው የኤስትራዲዮል ክኒን ደግሞ ለአንድ ቀን ብቻ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ይይዛል። የዓመቱ ድምር ከአንድ ቀን ክኒን ብዙም የማይበልጥ መድኃኒት፣ እንደ ዕለታዊው ክኒን ማስፈራሪያ መሆኑ ተገቢ አይደለም። ወረቀቱ መታረም አለበት፤ እስኪታረም ድረስ ደግሞ መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ይህን ስሌት በቃል ማስረዳት ይገባዋል።

ሌላው እንቅፋት ትዕግሥት ማጣት ነው። ሙሉ ለውጡ እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ስለሚችል፣ በሁለተኛው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ መተው ሕክምናውን ሳይጀምሩ እንደመተው ነው። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ማቋረጥም ብዙ ጊዜ ድርቀቱን ይመልሰዋል። እስከዚያው በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ የሚቀባ እርጥበት ሰጪ፣ በግንኙነት ጊዜ ደግሞ ማለስለሻ ይረዳሉ፤ ዘይት ያለበት ማለስለሻ ግን ኮንዶምን ያበላሻል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት መንገድ የለም። የጡት ካንሰር የያዛት ሴት በመጀመሪያ ሆርሞን የሌላቸውን ትሞክራለች፤ ካልበቃት ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ትወስናለች። ወር አበባ ከቆመ በኋላ ጥቂት ደም እንኳ ከታየ ሳይዘገይ መመርመር አለበት። ነጭ ጠባሳና ብርቱ ማሳከክ ካለም ሌላ የቆዳ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ በራስ ግምት ከመግዛት በዓይን መታየት ይቀድማል።

በእንግሊዝ ዕድሜዋ 60 ለሞላ ሴት የታዘዘ መድኃኒት በነፃ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሴቶች ከሕክምና የሚያግዳቸው የዋጋ ጉዳይ አይደለም። በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ከልጅ ይልቅ ባለሙያ አስተርጓሚ ሲቀመጥና ወረቀቱ በትክክለኛው ልክ ሲነበብ፣ የመሳቢያው ሳጥን ይከፈታል።