የአሮጌው ፋብሪካ አዳራሽ ገበያ ሲሆን፦ መልኩን ጠብቆ እሳትን መከላከል

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት በርካታ ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አውድሟል። የመንገዱ ጥበትም የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ አዳጋች አድርጎት ነበር። ሥራ ያቆመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ወደ ገበያ አዳራሽነት ለመለወጥ የሚያስብ ከተማ ከዚህ ትምህርት መውሰድ ይኖርበታል።

በፖላንድ ዉች ከተማ የፖዝናንስኪ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግቢ እ.ኤ.አ. በ2006 ማኑፋክቱራ የተባለ የገበያ ማዕከል ሆኗል፤ ቀይ የጡብ ግድግዳዎቹም አልፈረሱም። ሆቴል በሆነው የፈትል ሕንፃ አናት ላይ ለእሳት ማጥፊያ የሚሆን የውኃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ዛሬ የመዋኛ ገንዳ ሆኗል። የጥንቶቹ ባለፋብሪካዎች ጥጥ ባለበት እሳት እንደማይታመን ያውቁ ነበር።

የእንዲህ ያለ አዳራሽ መለያው ያለ ግድግዳ የተዘረጋ ስፋቱና እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረው ባለመስታወት ጣሪያው ነው። እሳት ግን ክፍት ቦታ ይወዳል። አዳራሹን በግድግዳ መከፋፈል መልኩን ያጠፋል። ይልቁንም መደቦቹን በቡድን ከፍሎ በመካከላቸው ሰፊ መተላለፊያ መተው፣ የጣሪያውን መስታወትም በአደጋ ጊዜ የሚከፈት ማድረግ ይቻላል። ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ ሰው መውጫውን ማየት ይችላል፤ ጣሪያውም መልኩን አያጣም።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 40 በ60 ሜትር የሆነ አዳራሽ 2,400 ካሬ ሜትር ነው። በገበያ ቀን ለአንድ ሰው ሁለት ካሬ ሜትር ቢታሰብ 1,200 ሰው ይይዛል። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ሚሊሜትር የበር ስፋት ቢያዝ፣ በድምሩ ስድስት ሜትር ያስፈልጋል። እሳቱ አንዱን በር ቢዘጋ ሌሎቹ እንዲበቁ፣ በተለያዩ ጎኖች ሁለት ሁለት ሜትር ስፋት ያላቸው አራት በሮች መኖር አለባቸው። ወደ ውጭ የሚከፈቱና በገበያ ሰዓት የማይቆለፉ ሊሆኑም ይገባል።

ሌላው ሥጋት ከዓይን የተሰወረ ነው። በጣሪያ አግዳሚዎች ላይ ለዓመታት የተከማቸ የጥጥ ብናኝ በአንድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ከቀለም ቅብ በፊት ብናኙ ይጠረጋል፤ አሮጌው የኤሌክትሪክ መስመርም ይለወጣል። የብረት ምሰሶ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ስለሚያጣ፣ በሙቀት የሚያብጥ መከላከያ ቀለም ይቀባል፤ የምሰሶው ቅርጽም አይደበቅም።

ይህ ሁሉ ቢሟላም፣ መተላለፊያው በማዳበሪያ ከረጢትና በሸራ ከተዘጋ፣ ቡና የሚፈላበት ከሰልም በጨርቅ መደቦች መካከል ከተቀመጠ፣ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መደብ የሚከራይ ገበሬም ሆነ ነጋዴ ከኪራዩ ዋጋ በፊት ከቦታው ሆኖ ሁለት መውጫ በሮች ማየት መቻሉን ያረጋግጥ።