ዓሣ ከዛፍ ሥር ያድጋል

አገራችን ባሕር ስለሌላት ማንግሮቭ የሚባለውን ዛፍ አብዛኞቻችን የምናውቀው በሥዕል ብቻ ነው። ማንግሮቭ በባሕር ዳር፣ ጨዋማ ጭቃ ውስጥ ይበቅላል። አንዳንዱ ዓይነት ብዙ እግር ያለው ይመስላል፤ ሥሮቹ ከግንዱ ወጥተው እየጎበጡ ጭቃው ውስጥ ይገባሉ።

በእኔ አስተያየት ዓሣ አጥማጆችን የሚመግቧቸው እነዚህ ሥሮች ናቸው። ለምን መሰላችሁ? የባሕር ውሃ በየቀኑ ወደ ዳር ሞልቶ ይመጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ይሸሻል። ሲሞላ ትንንሽ ዓሣዎችና ሽሪምፖች አብረው ይገቡና በሥሮቹ መካከል ይደበቃሉ። ትልቁ ዓሣ ሊበላቸው ቢፈልግም እዚያ ጥቅጥቅ ባለ ሥር ውስጥ እንደልቡ መዋኘት አይችልም። የረገፈውም ቅጠል ሲበሰብስ ምግብ ይሆናል። ካደጉ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ጥልቁ ባሕር ይሄዳሉ። ስለዚህ ከዳር ርቆ መረብ የሚጥለው ሰው ከሚይዘው ዓሣ አንዳንዱ ልጅነቱን ያሳለፈው ዛፍ ሥር ነው።

«ቢቆረጥስ ምን አለበት፣ መልሶ ይበቅላል» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም። ኬንያ ውስጥ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ጋዚ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። በፈረንጆች 1970ዎቹ እዚያ የነበረው ማንግሮቭ ለፋብሪካ ማገዶ ተጨፈጨፈ። ቦታው ለብዙ ዓመታት ራቁቱን ቀረ። የብዙው ማንግሮቭ ፍሬ ገና እናቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ነው ቡቃያ የሚያወጣው፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ይወድቃል። እናት ዛፍ ከሌለ ማን ይጥለዋል? ጭቃውንም አጥብቆ የሚይዘው ሥር ስለሌለ ማዕበሉ ይጠርገዋል።

በ1990ዎቹ ሰዎች መልሰው መትከል ጀመሩ። ይሄም ቢሆን እንዲሁ ጉድጓድ ቆፍሮ መሄድ አይደለም። ውሃው ፈጽሞ የማይሸሽበት ቦታ ላይ የተተከለ ችግኝ ታፍኖ ይሞታል፣ ሥሩ በደንብ አየር የሚያገኘው ውሃው ሲሸሽ ነውና። የቆመውን መጠበቅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ግን ሰዎቹን «አትቁረጡ» ብሎ ዝም ማለት ልክ አይመስለኝም። በምን ያብስሉ? ቤታቸውንስ በምን ይሥሩ? ከ2013 ጀምሮ የጋዚና የአካባቢው ሰዎች «ሚኮኮ ፓሞጃ» በሚባል ሥራ 117 ሄክታር ማንግሮቭ ይጠብቃሉ። በስዋሂሊ «ማንግሮቭ በጋራ» ማለት ነው። ዛፎቹ ከአየር ወስደው ለሚያስቀሩት ካርቦን የውጭ ገዢዎች ይከፍላሉ፤ ገንዘቡም ለመንደሩ ውሃና ለተማሪዎች መጻሕፍት ውሏል። እኔ የበለጠ የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። እኛም አገር ያለውን ሸውሸዌ ደረቁ መሬት ላይ ይተክላሉ። ማገዶና የቤት ምሰሶ የፈለገ ሰው እሱን ይቆርጣል።