«ሊንኩን ሰርዘናል» - ሌባውን ውስጥ አስቀምጦ በር መዝጋት

«የግሩፓችን ሊንክ ከሚመለከታቸው ውጭ በመሰራጨቱ ተሰርዟል። ሊንኩን ያሰራጫችሁ ግለሰቦች ከድርጊታችሁ እንድትቆጠቡ እናሳስባለን።»

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በስልኩ ያላነበበ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የዕድር ግሩፕ ይጽፈዋል፣ የወላጆች ኮሚቴ ይጽፈዋል፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበርም ይጽፈዋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለቱም የተሳሳቱ ናቸው። የመጀመሪያው ያልተፈታን ችግር እንደተፈታ ያወራል። ሁለተኛው ጥፋቱን ከአድሚኑ ትከሻ አውርዶ ማንነቱ በማይታወቅ «ግለሰብ» ላይ ይጭናል።

አንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ የሆነው ነገር ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ያሳያል። 18 ብሎክ፣ 360 ቤት ያለው ግቢ ነው። የቴሌግራም ግሩፑ ሁለት ዓመት ሙሉ ከ350 አባል ብዙም ሳያልፍ ቆየ። ከዚያ በዘጠኝ ቀን ውስጥ 611 ደረሰ። 360 ቤት ባለበት ግቢ የአባላት ቁጥር በዘጠኝ ቀን ውስጥ በ259 ሲጨምር አንድም የኮሚቴ አባል «ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲያውም ሊቀ መንበሩ «ግሩፓችን እያደገ ነው» ብለው ደስታቸውን ጽፈው ነበር።

ሊንኩ የወጣው በተንኮል አልነበረም። ቤቷን ልታከራይ የፈለገች አንዲት ነዋሪ ለደላላው ሊንኩን ላከችለት፤ ተከራይ ሲገኝ ራሱ እንዲያስገባላት ነው ሐሳቧ። ደላላው ከቤቱ ፎቶና ከኪራዩ ዋጋ ጋር አያይዞ የኪራይ ማስታወቂያ በሚለጥፍበት ቻናል ላይ ለቀቀው። አለቀ። ሴትዮዋ ያደረገችው ኮሚቴው ራሱ በየጊዜው «ያልገቡ ጎረቤቶቻችሁን አስገቡ» እያለ የሚያዘውን ነው። «ከድርጊታችሁ ተቆጠቡ» የተባለችው እንግዲህ እሷ ናት።

በዚያ ሰሞን የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ ከየቤቱ 1,200 ብር ይሰበሰብ ነበር። በሊንኩ ከገቡት አንዱ የገንዘብ ያዡን ስምና ፎቶ በራሱ አካውንት ላይ አደረገ። ግሩፑ ውስጥ አንድም ቃል አልጻፈም። ለአባላቱ በግል እየገባ «የባንክ ሒሳቡ ስለታገደ መዋጮውን በዚህ የቴሌብር ቁጥር ላኩ» አላቸው። ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ ያውቃል፤ ገንዘብ ያዡ የከፋዮችን ዝርዝር ከነብሎክና ከነቤት ቁጥሩ በየማታው ይለጥፉ ነበርና። 23 ሰው ላከ። 27,600 ብር። የታወቀው አንዲት እናት ደረሰኝ ሊጠይቁ ቢሮ ድረስ ሲሄዱ ነው።

«ጋሼ፣ ብሩ ገባልዎት አይደል? ትናንት ማታ ነው የላክሁት።»

«የቱ ብር፣ እትዬ?»

ኮሚቴው በዚያው ቀን ማስታወቂያውን ጻፈ፤ ሊንኩን ሰረዘ። በሦስተኛው ቀን ያው ሌባ በሌላ ስም «የተጭበረበሩ ነዋሪዎች ገንዘብ ሊመለስ ስለሆነ አሁን በስልካችሁ የሚገባውን ኮድ ላኩልን» ብሎ መጣ። ኮዱ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነበር፤ አራት ሰዎች አካውንታቸውን ተነጠቁ። ሰውየው ተመልሶ የመጣ አይደለም። መቼ ወጣና!

የሙግቱ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ «Revoke Link» የሚለውን መጫን የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ በዚያ ሊንክ የሚመጣ ሰው አይገባም። የገባውን አንድም ሰው አያስወጣም። በዚያ ኮንዶሚኒየም 259ኙ ሰዎች ሊንኩ ከተሰረዘ በኋላም እዚያው ነበሩ፤ ኮሚቴው ስለ ስርቆቱ የሚጻጻፈውን እያነበቡ። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ አዲሱ ሊንክ ከማስታወቂያው ሥር በዚያው ግሩፕ ውስጥ መለጠፉ ነው። ቁልፉን ቀይሮ አዲሱን ቁልፍ ለሌባውም ማደል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ እያንዳንዱ አድሚን የየራሱ ቋሚ ሊንክ አለው። ሊቀ መንበሩ የሰረዙት የራሳቸውን ነው። የምክትላቸው ሊንክ ከአንድ ዓመት በፊት በአንድ ብሎክ ትንሽ ግሩፕ ላይ ፒን ተደርጎ ሳይነካ ቆይቷል። የግሩፑ ባለቤት የሆነው ሰው ቅንብሩ ውስጥ «Invite Links» የሚለውን ቢከፍት የሌሎቹን አድሚኖች ሊንኮች በስማቸው ተዘርዝረው ያያቸዋል፤ መሰረዝም ይችላል። ማንም አልከፈተውም። በአባላት ፈቃድ ሥር ያለው «Add Members» ክፍት እስከሆነ ድረስ ደግሞ ተራ አባልም ያለ ምንም ሊንክ ሰው ማስገባት ይችላል። ሊንክ መቀየር በዚያ በኩል ያለውን በር አይመለከተውም።

የሚያሳዝነው ግን የሚከተለው ስህተት ነው። የተሰረዘ ሊንክ ወዲያው አይጠፋም፤ ከታች «Revoked Links» በሚለው ሥር ይቀመጣል። ሲከፈት በዚያ ሊንክ ማን እንደገባና መቼ እንደገባ በዝርዝር ያሳያል። ማለትም ኮሚቴው የሚፈልገው የተጠርጣሪዎች ዝርዝር በእጁ ነበር፤ በዘጠኙ ቀናት የገቡትን ከነዋሪዎች መዝገብ ጋር ማስተያየት ብቻ ነበር የቀረው። ከአድሚኖቹ አንዱ «ቆሻሻውን ላጽዳ» ብሎ «Delete All Revoked Links» የሚለውን ተጫነ። «Recent Actions» የሚባለውም መዝገብ የሚያቆየው የ48 ሰዓት ድርጊት ነው። ስለዚህ 611 ሰው አንድ በአንድ ማጣራት ግድ ሆነ። እስካሁንም አልተጣራም።

ሊንክ ግብዣ አይደለም፤ ስም ያልተጻፈበት ቼክ ነው። የያዘው ሁሉ ይመነዝረዋል። ይህ የአዲስ አበባ ኮሚቴዎች ችግር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የጀርመኑ ዶይቸ ቬለ ጋዜጠኛ ጆርዳን ዋይልደን የዋትሳፕ ግሩፕ መጋበዣ ሊንኮች በጉግል ፍለጋ እንደሚገኙ ይፋ አደረገ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የፍለጋ ውጤቶች ይወጡ ነበር። መዘርቦርድ የተባለው የዜና ገጽ ጋዜጠኞች በዚያው መንገድ በተባበሩት መንግሥታት ዕውቅና ያላቸው ድርጅቶች የሚገናኙበት ነው ወደተባለ ግሩፕ ገብተው የአባላቱን ስልክ ቁጥር አዩ። ዋትሳፕ ያን ጊዜ የሰጠው መልስ በግልጽ ቦታ የተለጠፈ ሊንክ በሌሎች ሊገኝ ይችላል የሚል ነበር። መልሱ ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው። አንዱ ዘመድ ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው በኋላ ሊንኩ የማንም ነው።

«ታዲያ አድሚን እያጸደቀ ያስገባ» ይባላል። ልክ ነው፤ ሊንክ ሲፈጠር «Request Admin Approval» የሚለውን ማብራት ይቻላል። ግን ማጽደቁ ራሱ እንዴት እንደሚደረግ ይታይ። ጥያቄ ሲመጣ አድሚኑ የሚያየው ስም፣ ፎቶና አጭር መግለጫ ነው። ስሙ «የማርያም ልጅ» ነው፤ ፎቶው ጽጌረዳ ነው። አድሚኑ ምሽት ላይ ደክሞት 40 ጥያቄ ተደርድሮ ሲያገኝ ከላይ እስከ ታች ይቀበላል። ይህ ማጽደቅ አይባልም፤ ሊንኩን ክፍት አድርጎ መተው ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ነዋሪው «ተጣርተው ነው የገቡት» ብሎ አይታለልም።

እውነተኛ ማጽደቅ አሰልቺ ነው። በየብሎኩ አንድ ሊንክ ይፈጠራል፤ ስሙም «ብሎክ 7» ተብሎ ይጻፋል፤ ማጽደቂያው ይበራል፤ የማብቂያ ጊዜው ሁለት ቀን ይሆናል። ማጽደቂያ የበራለት ሊንክ ላይ የሰው ቁጥር ገደብ ማድረግ አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። ጎረቤቶቹን በመልክ የሚያውቀው የብሎኩ ተወካይ ይመርጣቸዋል። የማያውቀው ስም ከመጣ በኮሚቴው መዝገብ ላይ ወዳለው የዚያ ቤት ስልክ ይደውላል። አመልካቹ «ስልኬ ይሄ ነው» ብሎ ወደላከው ቁጥር አይደለም፤ ያማ ሌባውን ስለ ሌባው መጠየቅ ነው። ለ20 ቤት ብሎክ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው። ኮሚቴዎች «በነጻ ነው የምናገለግለው፣ ጊዜ የለንም» ይላሉ። የሰው ገንዘብ ለመሰብሰብ ጊዜ ያለው ኮሚቴ ግን ገንዘብ የሚጠይቅበትን በር ለመጠበቅ ጊዜ አጣሁ ማለት አይችልም። ጊዜው ከሌለ የከፋይ ዝርዝርና ስልክ ግሩፑ ላይ አይለጠፍ። በነባሪዎቹ ፊት የተለጠፈው ደግሞ «Chat History for New Members» ክፍት ከሆነ ዛሬ ለሚገባውም እስከ መጀመሪያው ቀን ድረስ ይነበባል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮሚቴው ሊያጠራ ቢነሳ እንኳ አንድ እሾህ አለ። ከግሩፕ የተባረረ ሰው «Removed Users» ውስጥ ይገባል፤ አዲስ ሊንክ ቢያገኝም ስሙ ከዚያ እስካልወጣ ድረስ አይገባም። ለሌባ ጥሩ ነው። በስህተት ለተባረረ ተከራይ ግን በዝምታ የተዘጋ በር ነው። ተከራዮች ደግሞ በስህተት ብቻ አይደለም የሚባረሩት።

ማጽደቂያው ሥልጣን ነው፤ ሥልጣን ደግሞ ተጠቃሚ አያጣም። ጥያቄ ሲጣል አድሚኑ ምክንያት የሚጽፍበት ቦታ የለም። ስለ ጥበቃ ደሞዝ ባለፈው ስብሰባ ላይ የጮኸ ነዋሪ ጥያቄ ሳምንታት ሲንጠለጠል ማንም አያይም። ከስርቆቱ በኋላ በዚያው ግቢ «ባለቤት ብቻ ይግባ» የሚል ሐሳብ ተነስቶ ተጨብጭቦለታል። ግን ውሃው ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣው ማን ነው? የፓምፑን መዋጮ ከኪራዩ ጋር ደርቦ የሚከፍለውስ? ከተጭበረበሩት 23 ሰዎች ውስጥ 14ቱ ተከራዮች ናቸው። ሊንኩን ያወጣው ኮሚቴ፣ ዝርዝሩን የለጠፈው ኮሚቴ፣ መዝገቡን ያጠፋው ኮሚቴ፤ ከግሩፑ ሊወጡ የታሰቡት ግን እነሱ ናቸው።

በር የሚጠብቅ ሰው ከተመረጠ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ተከራይ ይሁን። የተጣለ ጥያቄ ካለ ከነምክንያቱ በወሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ። የምክትሉም ሊንክ፣ ፒን የተደረገው፣ ዛሬውኑ ይሰረዝ፤ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ይሠራ ነበር።