መጀመሪያ አቤቱታ፣ ከዚያ መውጣት

እህቶቼ፣ እዚህ ኹበር በትልልቅ ቤት ከማዳም ሌላ አለቃ አለ፤ ለዓመታት የቆየው ሹፌር። እሱ ሲነካካሽ ዝም የምትይው ማዳም የምታምነው እሱን ስለሆነ ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው። ግን እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚብሰው ሳይናገሩ መጥፋት ነው። ዝም ብለሽ ከወጣሽ ከፊሉ "ሁሩብ" ያስመዘግብብሻል፤ ያኔ የተበደልሽው አንቺ ሆነሽ ሳለ ጠፊ ተብለሽ ትያዣለሽ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሳዑዲ ፀረ ትንኮሳ ሕግ እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ሪያል ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ድርጊቱ በሥራ ቦታ ከሆነ ወይም ሰውየው በአንቺ ላይ ሥልጣን ካለው ወደ 5 ዓመትና 300 ሺህ ሊያድግ ይችላል። ያው ሕግ ሆን ብሎ በሐሰት የከሰሰንም ይቀጣልና ማስረጃ ያዢ። የላከልሽን መልእክት አታጥፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቱ ክፍል እንደነበር ጻፊ። ከኢቃማሽ ፎቶ ጋር ከቤቱ ውጪ ላለች እህት ላኪው፤ ስልክሽን ቢቀሙሽም አይጠፋም። ከዚያ ለማዳም ንገሪ። ካልሰማችሽ፣ ወይም የሚያሰጋሽ ነገር ካለ፣ 911 ደውይ።

ሥራው ሊቀር ይችላል። ቢቀርም ግን ለፖሊስ ካመለከትሽ ስምሽ ከሳሽ ተብሎ ይጻፋል።