አንድ መልእክት ለሦስት ሰው

አንድ የልደት መልእክት ጽፎ ለሦስት ሰው መላክ ነውር ነው ብዬ አላምንም። ፌስቡክ በየማለዳው የአንዱን ልደት በሚያስታውሰን ዘመን ለእያንዳንዱ ከባዶ እንጻፍ ብንል ግማሹን ሰው መርሳታችን ነው። የሚያስቀይመው ስም ብቻ ቀይሮ መላክ ነው። «በዚህ ልዩ ቀን ሕልምህ ሁሉ እውን ይሁን» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው «አመሰግናለሁ» ብሎ ያልፋል፤ ማን እንደላከለት እንኳ ማታ አያስታውስም።

እኔ ከመልእክት ወደ መልእክት የማሻግረው አንድ ያሳለፍነውን ጉዳይ ነው። ቃላቱ ይቀየራሉ። ባለፈው ክረምት ቤት ቀየርኩ እንበል። መነሻዬ ይቺ ናት፦ «እንኳን ተወለድክ። ቤት ስቀይር ያደረግክልኝን አልረሳሁም። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።» ሰላምታ፣ አንድ ትዝታ፣ ምርቃት። ቤት በቀየርኩበት ሳምንት ግን ሦስቱም ሰዎች፣ ጓደኛዬ፣ አክስቴና አለቃዬ፣ የቆሙበት ቦታ የተለያየ ነው።

ጓደኛዬ ፍሪጅ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ወጥቷል። ለእሱ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «አንተ ሰውዬ፣ እንኳን ተወለድክልኝ! ያንተ ወገብ ባይኖር ፍሪጁ እስካሁን ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር። ክፉ አይንካህ። ቅዳሜ ጥብሱ በእኔ ነው።» ከጓደኛ ጋር ምስጋና ሲበዛ ይሻክራል፤ ቀልዱ ራሱ ምስጋናውን ይዞታል። ጥብሱን ግን ካልጋበዛችሁ አትጻፉት።

አክስቴ ላይ ሥራው ይከብዳል። እሷ ልጅ ሳለች ልደት የሚባል ነገር በሰፈሩ አልነበረም፤ የተወለደችበትን ቀን የምታውቀው «በኅዳር ሚካኤል» በሚለው ነው። ስለዚህ «እንኳን ተወለዱ» ከማለት «እንኳን ለዚህ አደረሰዎ» ማለት ለጆሮዋ ይቀርባል። ቀጥሎ የምርቃቱ ነገር አለ። ለእኩያዬ «ተባረክ» እላለሁ፤ ታላቅን መመረቅ ግን የእኔ ድርሻ አይደለም። እኔ የምለምነው ፈጣሪን ነው፣ ምርቃቱን የምጠብቀው ከእሷ ነው። እንዲህ ይሆናል፦ «እትዬ፣ እንኳን ለዚህ አደረሰዎ። ቤት የገባሁ ዕለት ረከቦቱን ይዘው መጥተው ቡና አፈሉልኝ። ጎረቤቶቼን ያወቅኋቸው በዚያ ቡና ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ምርቃትዎ አይለየኝ።»

ዓረፍተ ነገሮቹን ያሳጠርኳቸው በምክንያት ነው። ይህን መልእክት የምታነብላት የልጅ ልጇ ናት፤ ጮክ ብላ፣ ምናልባትም እንግዳ ባለበት። ሰው ፊት ሊነበብ የማይችል ነገር ለአክስት አይጻፍም። ደግሞ እኔ አክስቴን «እርስዎ» እያልኩ ስላደግሁ ነው እንዲህ የጻፍኩት። አክስቱን «አንቺ» ሲል የኖረ ሰው በልደቷ ቀን ድንገት «እርስዎ» ካላት ምን አጠፋሁ ብላ ትደነግጣለች።

አለቃዬ ያኔ ዓርብን ፈቅደውልኛል። «እንኳን አደረሰዎ። ቤት ስቀይር ዓርብን ስለፈቀዱልኝ ሥራዬ ሳይበደል ጉዳዬን ጨርሻለሁ፤ አመሰግናለሁ። መልካም የጤናና የሥራ ዘመን ይሁንልዎ።» በቃ። ለጓደኛዬ የጻፍኩትን «ልኝ» እዚህ ባመጣው፣ «እንኳን ተወለዱልኝ» ብል፣ ወይ ሽንገላ ወይ ሌላ ነገር ይመስላል። «አባታችን» ማለት፣ ስንት ዓመት እንደሞላቸው መጠየቅ፣ ቀይ ልብ መደርደር ሁሉም ይቅር። የአለቃ መልእክት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመብዛቱ ነው። የሚላክበት ቦታም አለው፦ የዓርቡን ነገር በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብጽፈው ዓርብ የተከለከለው ባልደረባዬ ያነበዋል። በግሩፑ «መልካም ልደት» ይበቃል፤ ምስጋናው በግል ይላካል።

ሦስቱንም ጽፌ ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ እፈትሻለሁ፤ የግሦቹን መጨረሻ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንገለብጥ የሚያጋልጠን እሱ ነውና። «እንኳን አደረሰዎ» ብሎ ጀምሮ «ጤና ይስጥህ» ብሎ የሚጨርስ መልእክት ለሌላ ሰው ተጽፎ እንደነበር አለቃም አክስትም በአንድ ንባብ ይገባቸዋል። ስም ማስተካከል ቀላል ነው፤ ግሥ ግን በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ተደብቆ ይቀራል።

የምትጽፉለት ሰው ያደረገላችሁ አንድም ነገር ካልመጣላችሁ ደግሞ መልእክቱን በጌጥ ቃል አትሙሉት። «መልካም ልደት» ብላችሁ ላኩ፤ ለአክስት ከሆነ ግን ደውሉ።